የጋሽ በርሜል ዘንግ

ዳቦ ቤቱ ውስጥ አባቴን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «ጋሽ በርሜል» ነበር የሚለው። ሰውዬው ደግሞ ከሲታ ነው፤ ሱሪው በቀበቶ ታግዞ ነው ወገቡ ላይ የሚውል። አዲስ የተቀጠረ ሰው «ጋሽ በርሜል ዘንድ ሂድ» ተብሎ ሲላክ፣ ቦርጫም ሰው ሲፈልግ በአጠገቡ አልፎት ይሄድ ነበር። ስሙ የወጣለት በየጠዋቱ ከጓሮ በር ብቅ ብሎ «ዛሬ አሥራ አራት በርሜል!» «ዛሬ ዘጠኝ በርሜል!» እያለ ስለሚጣራ ነው። እኔ ሊጥ መመዘኛው ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እሰማና ከኋላዬ ያለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀናችን የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

የዳቦ ቤቱ ምድጃ የሚነደው በናፍጣ ነው። ናፍጣው የሚቀመጠው ጓሮ ውስጥ፣ በሁለት የሲሚንቶ መደብ ላይ በጎኑ በተጋደመ ትልቅ ክብ የብረት ታንከር ውስጥ ነው። ሲሞላ አምስት ሺህ ሊትር፣ ማለትም ሃያ አምስት በርሜል ይይዛል። መስታወትም ቆጣሪም የለውም። ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ የፈለገ ሰው መሰላሉን ወጥቶ፣ ከላይ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ እስከ ወለሉ ይሰድና መልሶ አውጥቶ የረጠበበትን ያያል። የአባቴ ሥራ ይኼ ነበር። ከዚያ የሚተርፈውን ጊዜ ምድጃውን ሲያቀጣጥል፣ ሲጠርግና ሲያባብል ይውላል።

ዘንጉን የሠራው ራሱ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ ታንከሩ አዲስ መጥቶ በተተከለ ጊዜ፣ ናፍጣው የገባው በበርሜል እየተጓጓዘ ነበር። አባቴ አንድ በርሜል በተገለበጠ ቁጥር ዘንጉን እየነከረ፣ እርጥበቱ የደረሰበት ቦታ ላይ በቢላዋ እየቆረጠ፣ ለሃያ አምስት በርሜል ሃያ አምስት ምልክት አወጣ። ዘንጉን ያየ ሰው ግን ሰካራም የሠራው ነው የሚለው። የመጀመሪያው ምልክት ከዘንጉ ጫፍ ከሰባት ጣት በላይ ይርቃል። ከዚያ ምልክቶቹ እየተቀራረቡ ይሄዱና መሀል ላይ ሦስት ሦስት ጣት ያህል ይሆናሉ። ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ መልሰው ይራራቃሉ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ሊጥ እኩል እኩል የምቆርጥ ሰው ነኝ፤ አንዱ ድቡልቡል ከሌላው ትንሽ ቢበልጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያንን ዘንግ ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኝ ነበር።

«አባዬ፣ ምነው እንዲህ ተንጋደደብህ?» እለዋለሁ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ታንከሩ እንዲህ ነው ያለኝ» ይለኛል።

ታንከሩ ለምን እንዲህ እንዳለው እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልጠየቅኩ። ሁለታችንም ሥራ ነበረን።

አባቴ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቱ ዕጣ። ሴት አያቴ በስተርጅናዋ አእምሮዋ ከዳት። መጀመሪያ ያስቀመጠችውን ዕቃ ረሳች፣ ቀጥሎ የቤቷን በር፣ በመጨረሻ አባቴን። አንድ ቀን ፊቱን ትክ ብላ አይታ «አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ክፉው ነገር፣ ደህና ቀንና ክፉ ቀን እያፈራረቀ ነው የወሰዳት። ዛሬ ሁሉን አውቃ ታድራለች፤ ሲነጋ ሌላ ሰው ናት። ቤተሰቡ ሁሉ እንደጀመራት እያወቀ፣ ለእሷ ግን የነገራት አንድም ሰው አልነበረም።

ከቀብሯ ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ልጄ፣ እኔ ላይ ካየሽው እንዳትደብቂኝ። የሰው መሳቂያ ሳልሆን በጊዜ ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁለት። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ያለነው ሁለታችን ነን፤ ለእሱ ቃል የምገባው እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል?

ማስመሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ማስመሪያ የምንለው የዳቦ ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። በመጣ በሳምንቱ ዳቦ ቤቱን በቀለም አሰመረው፤ ባልዲ የሚቆምበት መስመር፣ ጫማ የሚወልቅበት መስመር፣ እኛ የምንቆምበት መስመር ሳይቀር። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንልኝማ ዛሬ ንዴቴን ሁሉ እሱ ላይ ደፍቼ እፎይ እል ነበር።

የአባቴን ዘንግ ሲያይ ሳቀ። «ይኼማ ማማሰያ ነው» አለ። የታንከሩን የውስጥ ቁመት በሜትር ለካ፤ መቶ ስልሳ ሳንቲ ሜትር። ለሃያ አምስት አካፈለው፤ ስድስት ነጥብ አራት መጣለት። ልሙጥ ጣውላ ነጭ አስቀብቶ፣ በየስድስት ነጥብ አራቱ ቀይ መስመር አሰምሮ፣ ቁጥር አስጻፈበት። እውነቱን ልናገር፣ ዘንጉ ያምር ነበር። እኔ ራሴ «ተመስገን፣ እኩል ነገር አየን» አልኩ። አሮጌውን ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተጥሎ አገኘሁትና ወደ ቤት ወሰድኩት። የልብስ ማስጫ ገመዳችን መሀሉ ረግቦ ነበር፤ በእሱ ደገፍኩት። የናፍጣው ሽታ እንኳን ሳይለቀው አንድ አንሶላ አበላሽቶብኛል።

አባቴ በአዲሱ ዘንግ መለካቱን አልተቃወመም። ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ አለው። ዘንጉን ካወጣ በኋላ ከመሰላሉ ወርዶ አጠገቡ ያቆመውና እርጥበቱ ሰውነቱ ላይ የት እንደደረሰ ያያል። ደረቱ ጋ ከሆነ ሃያ ነው። ከቀበቶው ዝቅ ካለ ግማሽ ነው። ቅልጥሙ ጋ ከሆነ ቦቴ ይጠራ፣ ማለቁ ነው። ቀዩን መስመር ከመጤፍ አይቆጥረውም።

በመጀመሪያው ቀን ቦቴው መጥቶ ናፍጣ ገልብጦ ነበር። አባቴ ለካና «ሃያ በርሜል!» ብሎ ተጣራ።

ማስመሪያ ከአጠገቡ ቆሟል። «ጋሼ፣ መስመሩን ይመልከቱት እንጂ። አሥራ ስምንት ተኩል አካባቢ ነው።»

«መስመሩማ አሥራ ስምንት ተኩል ይላል። ናፍጣው ግን ሃያ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ አሥራ ስምንት ተኩል ጻፍኩ።

በስምንተኛው ቀን ግማሽ ላይ ሲደርስ አባቴ «አሥራ ሁለት ተኩል!» አለ። መስመሩም አሥራ ሁለት ተኩል። ማስመሪያ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት «ዛሬስ ደህና ነዎት» አለው። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ዘንጉ ስምንት ሲል አባቴ ሰባት ይላል። ዘንጉ አራት ሲል አባቴ ሁለት ተኩል። በመጀመሪያ ጨምሮ ነበር፣ አሁን ይቀንሳል፤ መሀል ላይ ደግሞ ልክ ይሆናል። ቦቴው እንደገና መጣ፣ አባቴ እንደገና ጨመረ።

ማስመሪያ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለኝ። ደህና ቀንና ክፉ ቀን! አያቴ ትዝ አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ምልክት ማድረግ ጀመርኩ። ቁጥሩ ከመስመሩ ጋር የተስማማበትን ቀን አከብባለሁ፤ የተሳሳተበትን አቋርጣለሁ። ቦቴ የመጣበት ቀን ልብሱ ስለሚከረፋና ማጠብ ስላለብኝ «ቦ» ብዬ እጽፍበታለሁ። በሁለት ወር ውስጥ ወረቀቱ መስቀለኛ ብቻ ሆነ፤ እዚህም እዚያም ሦስት አራት ክብ። ሌላው ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር፤ መንገዱን አይስትም፣ ሰው አይረሳም፣ በየሄደበት ይቀልዳል። እኔ ግን ፍርሃት ይዞኛልና የማየው መስቀለኛውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ሲፈልግ አየሁት። ይኸው አልኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቆሞ እጁን በሳሙና ሲታጠብ ውኃ እያፈሰስኩለት «አባዬ፣ ቃል አስገብተኸኝ ነበር» አልኩት።

እጁ ሳሙናው ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጀመረኝ?»

«የጀመረህ መሰለኝ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርጄ አሳየሁት። እርጥብ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መስቀለኛዎቹን በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። አንዱን እንኳን «ይኼማ ስህተት ነው» አላለም። እሱ የሰው ቃል የሚያምን ሰው ነው፤ የእኔን ደግሞ ከማንም አብልጦ ያምናል። ሲጨርስ አጥፎ መለሰልኝ።

«ጎበዝ ልጅ። ቃልሽን ጠበቅሽ» አለኝ።

በማግስቱ የጓሮውን ቁልፍ በገዛ እጁ ለማስመሪያ አስረከበ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው «የታወቀ ነገር ምን ያስመረምራል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። አባቴ ራሱን ማመን ተወ። ብቻውን መንገድ መሻገር አቆመ። ጎረቤት ሲመጣ ስሙን እያወቀው ቀስ ብሎ ጆሮዬ ላይ «እሱ ነው አይደል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ምሳ በልቶ ከጨረሰ በኋላ «በልቻለሁ?» ይለኛል። «በልተሃል» ስለው «እሺ» ይላል። በሥራ ሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የልብስ ገመዱን ሲያይ ይውላል። በሰባት ወር ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። እኔም በልቤ፣ በጊዜ ነግሬው ባይሆን ምን ይውጠን ነበር፣ እል ነበር። ለራሴ እንዲያ እል እንደነበር ሳስበው ዛሬም ፊቴን መንጨት ያምረኛል።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ምድጃው ጠፋ።

ቦቴው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዘግይቷል። ማስመሪያ ግን አልተጨነቀም፤ በራሱ እጅ ለክቶ ዘንጉ ሁለት በርሜል ብሎታል። «ናፍጣ ሞልቶ ቱቦው ነው የተዘጋው» አለና ሜካኒክ ጠራ። ሜካኒኩ መጥቶ ቱቦውን ፈታ፤ ንጹሕና ደረቅ ነው። ቱቦው ዝቃጭ እንዳይስብ ተብሎ ከታንከሩ ወለል ሰባት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው የተተከለው። ሜካኒኩ ዝቅ ብሎ ከታች ያለውን ማፍሰሻ ከፈተና ባዶ በርሜል ደቀነበት። ሁላችንም ከበን አየን። ናፍጣው ወረደ፣ ወረደ፣ ቀጠነ፣ ቆመ። በርሜሉ አልሞላም። ሁለት ይቅርና አንድ በርሜል አልሞላም።

«ሌላውስ የት ሄደ?» አለ ማስመሪያ፣ ሁላችንንም እያየ።

ሜካኒኩ እጁን እየጠረገ ዘንጉን አየው። «ማነው ይኼን የሠራው?» ብሎ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣና የተነሰነሰው ዱቄት ላይ በጣቱ ትልቅ ክብ ሣለ። ከታች እስከ ላይ እኩል እኩል የተራራቁ አግዳሚ መስመሮች አሰመረበት።

«ታንከሩ የተጋደመ ነው። ከጫፉ ሲያዩት ይኸው ክብ ነው» አለ። «ታች ጠባብ ነው፣ ሆዱ ሰፊ ነው፣ ላይ ደግሞ ተመልሶ ይጠባል። ይኼ የታችኛው መስመር ውስጥ የሚገባውና ይኼ ሆዱ ላይ ያለው መስመር ውስጥ የሚገባው እኩል ነው? አይደለም። ቁመቱ እኩል ሆነ ማለት ናፍጣው እኩል ሆነ ማለት አይደለም። እኩል የተሠመረ ዘንግ ከግማሽ በታች አለ እያለ ይዋሻል፣ ከግማሽ በላይ የለም እያለ ይዋሻል። ልክ የሚናገረው ባዶ ሲሆን፣ ሙሉ ሲሆንና ግማሽ ላይ ብቻ ነው።»

ግማሽ ላይ ብቻ።

«ታዲያ ልክ የሚሆነው እንዴት ነው?» አለ ማስመሪያ።

«ወይ በሂሳብ፣ ወይ አንድ አንድ በርሜል እየገለበጡ ምልክት በማድረግ።»

ሽርጤን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ቤታችን ሩቅ አይደለም። አባቴ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ምንም ሳልለው ዘንጉን ከገመዱ ሥር ነቀልኩት፤ የታጠበው ልብስ ሁሉ አፈር ላይ ወደቀ። «ልጄ፣ ልብሱ…» አለኝ። «መጣሁ አባዬ፣ መጣሁ!»

ስደርስ ማስመሪያ በፒካፕ አምስት በርሜል አስመጥቶ ነበር። ባዶው ታንከር ውስጥ የመጀመሪያው በርሜል ተገለበጠ። መሰላሉን ራሴ ወጣሁ። ዘንጉን ሰድጄ አወጣሁት። እርጥበቱ የመጀመሪያው ምልክት ላይ፣ በቢላዋ የተቆረጠችው ስንጥቅ ላይ ልክ ቆሟል። ሁለተኛው ተገለበጠ፤ ሁለተኛው ምልክት። ሦስተኛው ተገለበጠ፤ ሦስተኛው ምልክት። ሜካኒኩ ከታች ሆኖ «ይኼን የሠራ ሰው ሥራውን ያውቃል» አለ። አራተኛውን አልጠበቅኩም። መሰላሉ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ እያየኝ ጮኼ አለቀስኩ።

ማስመሪያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ዱቄት መስሏል። «ይቅርታ በይልኝ» አለ።

«ራስህ ሂድና በል!» አልኩት። ንዴቴ ግን ለእሱ አልነበረም። እሱ የለካው ታንከር ነው፤ አባቴን የለካሁት እኔ ነኝ።

ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት የቀን መቁጠሪያውን ነው። መሳቢያ ውስጥ ነበር። በሁለት «ቦ» መካከል፣ ልክ መሀል ላይ፣ ክቦቹ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ዙር ቦታቸው አንድ ነው። ደህና ቀንና ክፉ ቀን የነበረው አባቴ አልነበረም።

ደጃፉ ላይ ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁና ዘንጉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ልክ ነበርክ። አንድም ቀን አልተሳሳትክም። ዘንጉ ነው የተሳሳተው፤ የእነሱ ዘንግ፤ እኔም ነኝ። ምንም አልጀመረህም።»

የክቡን ነገር፣ የሆዱን ነገር፣ ያልሞላውን በርሜል፣ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን ይዤ ነው የነገርኩት። የሕፃን ወሬ እንደሚሰማ ሰው ፈገግ ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ጣቱን ከዘንጉ ጫፍ አስነሥቶ ምልክቶቹን መዳሰስ ጀመረ። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡ ወደ ሰፊው።

«እኩል አይደለም» አለኝ።

«እኩል መሆን የለበትም፣ አባዬ።»

«አታባብይኝ። ቃል ገብተሽልኛል።» ራሱን ነቀነቀ። «ይኼን ሁሉ ዓመት በዚህ ነው የለካሁላቸው? ሰዎቹን ስንት ጉድ ሠራኋቸው። ይቅርታ አድርጉለት፣ ሳያውቅ ነው፣ በያቸው።»

ያኔ የነገርኩትን ባንድ ጊዜ አምኖኝ ነበር፤ አሁን የምነግረውን የሚያምንበት ምንም ነገር አላስቀረሁለትም። ሕመሙ በመጨረሻ በእውነት መጥቶ ይሁን ወይም እኔ አምጥቼው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም።

ክንዱን ይዤ አስነሣሁት። ዘንጉን አጠገቡ አቆምኩት፤ እንደ ድሮው፣ ጫፉን መሬት አስነክቼ። አውራ ጣቴን ደረቱ ጋ፣ ድሮ እርጥበቱ ሲደርስ ያይበት የነበረው ቦታ ላይ አደረግኩ።

«እዚህ ጋ ሲደርስ ስንት ነው፣ አባዬ?»

ወዲያው ደረቱን ነፋ፣ ለመጣራት እንደሚዘጋጅ ሰው አፉን ከፈተ። «ሃ…» ብሎ ቆመ። ዓይኖቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊቴን ፈለጉ።

«አንቺ ስንት ትያለሽ?» አለኝ።

«ሃያ ነው፣ አባዬ።»

«አንቺ ካልሽ ሃያ ነው» አለኝ፤ ዘንጉንም መለሰልኝ።